ዴካርት «አይቻልም» ካለ በኋላ፦ የጠማማ መስመር ርዝመት ታሪክ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ካልኩለስ ያስተማርኳችሁ ደግሞ «ይሄን ነገር እኮ አውቀዋለሁ» የምትሉት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ረኔ ዴካርት በ1637 «ጂኦሜትሪ» የተባለውን ሥራውን ሲያወጣ፣ የቀጥታ መስመርና የጠማማ መስመር ርዝመት እርስ በርስ ያላቸው ንጽጽር እንደማይታወቅ፣ የሰው ልጅም ሊደርስበት እንደማይችል ጻፈ። ይህን ያለው ተራ ሰው አይደለም። ዛሬ x እና y ብለን ግራፍ የምንሥልበትን መንገድ ካስጀመሩት አንዱ እሱ ነው። ሐሳቡም ከራሱ የመጣ አልነበረም፤ ቀጥ ያለና የጎበጠ ነገር አይነጻጸሩም የሚለው አስተሳሰብ ከአርስቶትል ጀምሮ የቆየ ነው።

ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1659፣ የላይደኑ ፕሮፌሰር ፍራንስ ቫን ስኾተን ያንኑ የዴካርትን መጽሐፍ በላቲን፣ ማብራሪያ ጨምሮ ለሁለተኛ ጊዜ አሳተመው። በማብራሪያዎቹ መካከል ሄንድሪክ ቫን ሄውራት የሚባል ወጣት ሆላንዳዊ የጻፈው አጭር ደብዳቤ ገባ። ደብዳቤው የጠማማ መስመርን ርዝመት በትክክል እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ያሳያል። «አይቻልም» የሚለው ቃልና «ይኸው፣ ተችሏል» የሚለው ሥራ በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው ወጡ ማለት ነው። በሒሳብ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያስቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

የእንግሊዞቹም ወገን አለ። ዊልያም ኒል የተባለ የኦክስፎርድ ተማሪ በ1657 ያንኑ ውጤት ለብቻው አግኝቶት ነበር። ልጁ የተወለደው በ1637 ነው፤ የዴካርት መጽሐፍ በወጣበት ዓመት! ሥራውን ያሳተመለት ጆን ዋሊስ ነው፣ እሱም በ1659። በኋላ ሃይገንስ ክብሩን ለቫን ሄውራት ሲሰጥ ዋሊስ «የኛ ልጅ ቀድሞታል» ብሎ ተከራክሯል። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። ሁለቱም በወጣትነታቸው የሠሩት ነው፣ ሁለቱም ዕድሜያቸው አጭር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ከነሱ በፊት ርዝመታቸው የተገኘ ኩርባዎች ነበሩ። ቶሪቼሊ አንድ ዓይነት ጥምዝ መስመር በ1640ዎቹ ለክቷል። ክሪስቶፈር ሬን ደግሞ በ1658 የሳይክሎይድን ርዝመት አገኘ። ሳይክሎይድ ማለት የሚንከባለል ጎማ ጠርዝ ላይ ያለች ነጥብ የምትሥለው ቅስት ነው፤ የአንዱ ቅስት ርዝመት የጎማው ራዲየስ ስምንት እጥፍ ነው። ግን ዴካርት እነዚህን «መካኒካል» እያለ ከጂኦሜትሪ ውጭ ያደርጋቸው ስለነበር በሱ ላይ ማስረጃ አይሆኑም። እሱን ለመርታት በx እና y ኃይሎች ብቻ የሚጻፍ ኩርባ ያስፈልግ ነበር። የኒልና የቫን ሄውራት ኩርባ እንዲህ ያለው ነው፦ y² = x³፣ ወይም በሌላ አጻጻፍ y = x^(3/2)።

አሁን ዘዴውን እንይ፤ ቁም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ኩርባውን በጣም በትንንሹ ቆራርጡት። እያንዳንዱ ቁራጭ ከማነሱ የተነሳ ቀጥ ያለ ይመስላል። ወደ ጎን dx ያህል ሲሄድ ወደ ላይ የሚወጣው ስሎፕ ሲባዛ በdx ነው። ከዚያ የፓይታጎረስ ሦስት ማዕዘን ነው፦ የቁራጩ ርዝመት √(1 + ስሎፕ²) ሲባዛ በdx ይሆናል። እነዚህን ሁሉ መደመር ነው የቀረው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የኒውተንና የላይብኒዝ ካልኩለስ አልነበራቸውም፤ ገና አልተፈጠረም። ያደረጉት ነገር ብልጠት ነው። ቁመቱ በእያንዳንዱ x ላይ √(1 + ስሎፕ²) የሆነ ሌላ ኩርባ ሣሉ። የመጀመሪያው ኩርባ ርዝመት ከሁለተኛው ኩርባ በታች ካለው ስፋት ጋር እኩል ነው። ርዝመትን በስፋት ለወጡት ማለት ነው። የስፋት ሥራ ደግሞ ከአርኪሜዲስ ጀምሮ የሚታወቅ ሙያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ፤ «ይህ ኩርባ ስንት ይረዝማል?» መሆኑ ቀርቶ «ስንለውጠው ምን ዓይነት ኩርባ ላይ እንወድቃለን?» ሆነ። ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብራን ትሄዳለች።

ከ(0,0) ተነስተው (1,1) ላይ የሚያልቁ ሦስት ኩርባዎች እንውሰድ፦ y = x^(3/2)፣ y = x² እና y = x³። ሦስቱም የሚነሱበትና የሚደርሱበት ነጥብ አንድ ነው። ቀጥታ ቢኬድ መንገዱ √2፣ ማለትም 1.4142 ነው። እያንዳንዱ ኩርባ ከዚህ ትንሽ ይረዝማል። በዓይን ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ የሦስተኛው ጠባይ ለየት ይላል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያው x^(3/2) ነው። ስሎፑ (3/2)√x ነው። ካሬ ሲደረግ ሥሩ ይጠፋና 9x/4 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ኩርባ √(1 + 9x/4) ነው። ይህ ምንድን ነው? በጎኑ የተኛ ፓራቦላ! የፓራቦላን ስፋት አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አግኝቶታል። ኒልና ቫን ሄውራት የቀራቸው ቁጥር ማስገባት ብቻ ነበር፦

L = (13√13 − 8)/27 = 1.4397

ሎጋሪዝም የለ፣ π የለ፤ ካሬ ሥርና ክፍልፋይ ብቻ። ዴካርት አይቻልም ያለው በዚህች አንዲት መስመር አለቀ።

ሁለተኛው x² ነው፤ ራሱ ፓራቦላው። ስሎፑ 2x ስለሆነ √(1 + 4x²) ላይ እንወድቃለን። ይህን w ብላችሁት ካሬ ብታደርጉት w² − 4x² = 1 ይመጣል፣ ይሄ ሃይፐርቦላ ነው። ከሃይፐርቦላ በታች ያለ ስፋት ሎጋሪዝም ውስጥ እንደሚከት በዚያ ዘመን ይታወቅ ነበር። ቫን ሄውራትም በዚያው ደብዳቤ የፓራቦላ ርዝመት ከሃይፐርቦላ ስፋት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በዛሬው አጻጻፍ፦

L = √5/2 + (1/4)·ln(2 + √5) = 1.4789

ትንሽ ከበድ አለ፣ ግን መልስ አለው። የሚገርመው፣ ከሁለቱ ቀለል ብሎ የሚታየን x² ነው፤ ርዝመቱ ግን ይበልጥ የተወሳሰበ ሆኖ ተገኘ።

አሁን x³። ለብዙ ዓመታት ክፍል ውስጥ ስሎፑንና ፎርሙላውን ጽፌ ስጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ በx³ እንሥራው?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የሚቀል የሚመስለው እሱ ነውና። ስሎፑ 3x² ነው፣ ካሬው 9x⁴። ስለዚህ፦

L = ∫₀¹ √(1 + 9x⁴) dx

ይህን የተሰጣቸው ተማሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አይቻለሁ። u = 3x² ይሞክራሉ፣ ትሪጎኖሜትሪ ይተካሉ፣ በክፍል ኢንቴግሬት ያደርጋሉ። በየመንገዱ አንድ የሚተርፍ ነገር አለ። ጠዋት ሲመጡ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ነው። ልጆቼ፣ እናንተ አይደላችሁም። መልሱ የለም። ይህን ስል ግን ቃሌን በጥንቃቄ ያዙት፤ ርዝመቱ አለ። ክር ዘርግታችሁ በማስመሪያ ልትለኩት ትችላላችሁ። የሌለው ነገር በምናውቃቸው ፈንክሽኖች፣ ማለትም በኃይሎች፣ በሥሮች፣ በሎጋሪዝም፣ በኤክስፖኔንሻል፣ በሳይንና በተገላቢጦሾቻቸው፣ ተጽፎ የሚያልቅ አንቲዴሪቬቲቭ ነው።

ቁጥሩን ማግኘት ከባድ አይደለም። ከ0 እስከ 1 ያለውን ለአራት እኩል ክፈሉና የ√(1 + 9x⁴)ን ቁመቶች አስሉ፦ 1፣ 1.0174፣ 1.25፣ 1.9615፣ 3.1623። በሲምፕሰን ደንብ ዳርና ዳሩን አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን አራት ጊዜ፣ መካከለኛውን ሁለት ጊዜ ወስዳችሁ ደምሩና በ12 አካፍሉ፤ 1.5482 ይመጣል። ክፍሎቹን 16 ስታደርጓቸው 1.5479 ላይ ይረጋል። ሌላ ነገር ሳንጨምር፣ በአምስት ቁጥሮች ብቻ፣ ስሕተታችን ከሺህ አንድ በታች ነው። ስለዚህ «ቀመር የለውም» ማለት «አይታወቅም» ማለት አይደለም።

እሺ፣ ቀመር እንደሌለው በምን ይታወቃል? «ፈልገን አጣነው» ማስረጃ አይሆንም። ዴካርትም እኮ ያጣውን ነው «የለም» ያለው። ልዩነቱ እዚህ ነው፤ ይሄኛው «የለም» ተረጋግጧል። ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሊውቪል ነው፣ ከ1833 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች።

የሊውቪል ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። መልስ ቢኖር ኖሮ ምን መልክ ይኖረው ነበር ብሎ ከኋላ ይነሳል። ዴሪቬቲቭ ስንወስድ ኤክስፖኔንሻል አይጠፋም፤ ኤክስፖኔንሻል የነበረበት ቦታ ኤክስፖኔንሻል ይቀራል። ሎጋሪዝምም ካሬ ሆኖ ወይም ከሌላ ጋር ተባዝቶ ከነበረ ከዴሪቬቲቩ በኋላ ሎጋሪዝሙ ይታያል። ያለ ዱካ የሚጠፋው ለብቻው፣ በተራ ቁጥር ተባዝቶ የተደመረ ሎጋሪዝም ብቻ ነው። በኛ ኢንቴግራል ውስጥ ደግሞ x እና w = √(1 + 9x⁴) እንጂ ሌላ የለም። ስለዚህ መልስ ካለ ሁለት ክፍል ብቻ ነው የሚኖረው፦ በx እና በw የተሠራ አንድ ክፍል፣ ሲደመር በቁጥር የተባዙ ሎጋሪዝሞች። አርክታንጀንትና አርክሳይንም በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሲታዩ ሎጋሪዝም ስለሆኑ እዚሁ ይካተታሉ። መዓት ከሚሆነው ፍለጋ ወደ አንድ ጠባብ ጓዳ ገባን ማለት ነው። አሁን ጓዳው ባዶ መሆኑን ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያ ሎጋሪዝሙ። ሎጋሪዝም የሚወለደው 1/x ከሚመስል ቁራጭ ነው። ለትልቅ x ሥሮቹን ብንዘረዝራቸው የፓራቦላው √(1 + 4x²) = 2x + 1/(4x) − … ይሆናል። ያቺ 1/(4x) ናት ln ያመጣችው፤ መልሱ ውስጥ ያለው 1/4 ከየት መጣ ላላችሁ ከዚህ ነው። የx³ው ግን √(1 + 9x⁴) = 3x² + 1/(6x²) − … ነው። ከx² ዘሎ 1/x² ላይ አረፈ፤ 1/x የለችም። ሎጋሪዝም የሚገባበት በር ተዘጋ። ሙሉው ማስረጃ ሌሎች ነጥቦችንም ያጣራል፣ እዚያም በሩ ዝግ ነው።

ቀጥሎ የቀረው በx እና በw ብቻ የተሠራው ክፍል ነው። ርዝመቱ ለትልቅ x እንደ x³ ያድጋል፣ w ራሱ እንደ 3x² ያድጋል። ስለዚህ ሊኖር የሚችለው መልስ w ሲባዛ በአንደኛ ደረጃ ነገር ነው፤ የተራ ቁጥሩ ክፍል ወዲያው ስለሚወድቅ a·x·w ይቀራል። ዴሪቬቲቩን ውሰዱ፦

(a·x·w)′ = a(1 + 27x⁴)/w

ይህ ከw ጋር እኩል መሆን አለበት። w ደግሞ (1 + 9x⁴)/w ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ታዲያ ከ1ቹ a = 1 መሆን አለበት፣ ከx⁴ዎቹ ደግሞ 27a = 9፣ ማለትም a = 1/3። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ 1ም 1/3ም አይሆንም። ጓዳው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ «በፓራቦላውም እንዲሁ አይጋጭም ወይ?» ሊል ይችላል። ይጋጫል! እዚያም a·x·w ብትሞክሩ አንዱ a = 1፣ ሌላው a = 1/2 ይላል። a = 1/2 ስታደርጉ 1/(2w) ይተርፋል። ግን እዚያ የሎጋሪዝም በር ክፍት ስለነበረ የተረፈውን (1/4)·ln(2x + w) ወሰደው፤ ዴሪቬቲቩን ብታወጡት በትክክል 1/(2w) ነው። በx³ም a = 1/3 ስታደርጉ 2/(3w) ይተርፋል፣ ይህን የሚወስደው ግን የለም። ተማሪዎቹ ሌሊት ሲታገሉት ያደሩት «የሚተርፍ ነገር» ይኸው ነው፦

∫ dx/√(1 + 9x⁴)

ይህ ተራፊ በታሪክ ታዋቂ ነው። የቅርብ ዘመዱን ያኮብ ቤርኑሊ በ1694 ስምንት ቁጥርን አጋድመው የሚመስለውን ኩርባ፣ ሌምኒስኬትን፣ ርዝመት ሲፈልግ አገኘው። ጣሊያናዊው ፋኛኖ ያንን ርዝመት ማግኘት ባይችልም ቅስቱን እጥፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ሥራው በ1751 መጨረሻ ኦይለር እጅ ገባ፣ ኦይለርም ወደ አጠቃላይ ደንብ አሰፋው። ሌዣንድር አርባ ዓመት ገደማ ከነዚህ ኢንቴግራሎች ጋር ኖሮ የቁጥር ሰንጠረዥ አዘጋጀላቸው። መጨረሻ ላይ ሰዉ መታገሉን ትቶ ተራፊውን ራሱን ስም ሰጥቶ እንደ አዲስ ፈንክሽን ተቀበለው። ln እኮ መጀመሪያ የሃይፐርቦላ ስፋት ስም ነበር፤ ስለለመድነው ነው «መልስ» የሚመስለን።

ስማቸው «ኤሊፕቲክ» የሆነው የኤሊፕስ ዙሪያም እነሱ ላይ ስለሚወድቅ ነው። የክብ ዙሪያ 2πr መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ክቡን ትንሽ ጫን ብላችሁ ሞላላ ስታደርጉት ቀመሩ ብን ይላል። ረጅሙ ግማሽ 5፣ አጭሩ ግማሽ 3 የሆነ ኤሊፕስ ውሰዱ። ኬፕለር በ1609 እንደተጠቀመበት ግምት π(a + b) ካላችሁ 25.13 ታገኛላችሁ። ትክክለኛው 25.5270 ነው። ራማኑጃን በ1914 ያወጣው π[3(a + b) − √((3a + b)(a + 3b))] ደግሞ 25.52699 ይሰጣል፤ ልዩነቱ አምስተኛው ዴሲማል ላይ ነው። በጣም የሚገርም ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው።

የሩጫ ሜዳችን ኤሊፕስ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። መደበኛው 400 ሜትር መም ሁለት ቀጥታና ሁለት ግማሽ ክብ ነው። ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የክቡ ራዲየስ 36.50 ሜትር፤ ሯጩ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይሮጣል ተብሎ የሚለካው በ36.80 ነው። 2×84.39 + 2π×36.80 ብታሰሉት 400.00 ይመጣል። እውነተኛ ኤሊፕስ ቢሆን ኖሮ ሜዳ የሚሠራው መሐንዲስ ከሌዣንድር ሰንጠረዥ ጋር መዋል ነበረበት።

አሁን ወደ ቫን ሄውራት ልመለስ፤ አንድ ነገር ሆን ብዬ አስቀርቼ ነበር። በዚያች ደብዳቤው y² = x³ ላይ አላቆመም። y⁴ = x⁵፣ y⁶ = x⁷ እያሉ መቀጠል እንደሚቻልም ጠቁሟል። በኛ አጻጻፍ x^(5/4)፣ x^(7/6) ማለት ነው። ፓራቦላውን x² ብትጨምሩበት አንድ ዝርዝር እየተፈጠረ ነው። ታዲያ ዝርዝሩ የት ያበቃል? መልሱ የመጣው በ1853፣ ከ194 ዓመት በኋላ፣ ከሩሲያዊው ቼቢሼቭ ነው። የቼቢሼቭ ቲዎረም x^m(a + bx^n)^p የሚመስሉ ኢንቴግራሎች መቼ በታወቁት ፈንክሽኖች እንደሚጻፉ ይወስናል፦ p፣ ወይም (m + 1)/n፣ ወይም የሁለቱ ድምር ሙሉ ቁጥር ከሆነ ብቻ።

ወደ y = x^r ስናመጣው m = 0፣ n = 2r − 2፣ p = 1/2 ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት አንድ ንጹሕ ነገር ይወጣል፦ r ከ1 ሌላ ክፍልፋይ ወይም ሙሉ ቁጥር ሲሆን፣ ርዝመቱ የሚጻፈው r = 1 + 1/k ከሆነ ብቻ ነው፣ k ዜሮ ያልሆነ ሙሉ ቁጥር ሆኖ። k = 1 ሲሆን x² ነው። k = 2 ሲሆን የኒል ኩርባ። k = 4 እና k = 6 ሲሆን የቫን ሄውራት ተከታዮች። k ከዜሮ በላይ ሆኖ ተጋማሽ ሲሆን ሥር ብቻ ይበቃል፣ ጎዶሎ ሲሆን ሎጋሪዝም ይጨመራል፤ k ከዜሮ በታች ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል (−1 አግድም መስመሩን ይሰጣል)። x³ የለበትም። x⁴ም፣ x¹⁰ም የሉበትም። 1/x እንኳ የለበትም። ቀጥ ያሉትን መስመሮች ከተዋችኋቸው፣ ከሙሉ ቁጥር ኃይሎች ሁሉ ርዝመቱ የሚጻፍለት x² ብቻ ነው!

መቼም ይህን ሳውቅ የካልኩለስ መጽሐፎችን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በርዝመት ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ለምን y = x³/6 + 1/(2x) የመሰሉ እንግዳ ነገሮች ይሆናሉ ብላችሁ አታውቁም? ስሎፑ x²/2 − 1/(2x²) ነው። ካሬ አድርጋችሁ 1 ስትጨምሩ የመካከሉ የመቀነስ ምልክት ወደ መደመር ይገለበጥና (x²/2 + 1/(2x²))² ይሆናል፤ ሥሩ ወዲያው ይወጣል። ጥያቄው ከመልሱ ተነስቶ የተሰፋ ነው። ችግሩ ያለው ምንጊዜም ያቺ 1 ላይ ነው። እሷ ባትኖር ሥሩ ካሬውን ያነሳውና ስሎፑ ብቻ ይቀራል። 1 ስትደመር ግን ካሬ የነበረው ካሬ መሆኑ ይቀራል፤ በዘፈቀደ የተወሰደ ኩርባ ላይ ተመልሶ ካሬ የመሆን ዕድሉ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፈተና የምታወጡ መምህራን ጓደኞቼ፣ ከራሳችሁ ኩርባ ፈጥራችሁ «ርዝመቱን ፈልጉ» ከማለታችሁ በፊት ሥሩን ተመልከቱት። ከሥሩ በታች ያለው ፖሊኖሚያል አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ሁልጊዜ ይወጣል። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ሆኖ የተደጋገመ ሥር ከሌለው ከዚያች ከተራፊዋ ጋር ትገናኛላችሁ። y = sin x ንም ተጠንቀቁት፤ እሱም √(1 + cos²x) ሆኖ ኤሊፕስ ላይ ነው የሚወድቀው።

እጃችሁን ማፍታታት ለምትፈልጉ፣ የቫን ሄውራትን ሁለተኛ ኩርባ፣ y = x^(5/4)ን፣ ከ0 እስከ 1 ሥሩት። u = 1 + (25/16)√x ብላችሁ ተኩ፤ ሁለት መስመር ነው። 1.4226 ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።